የመውጫው ወረቀት የሚጻፈው ለማን ነው? ማንበብ ለማይችል ታካሚ የሚሆን የመድኃኒት ሰሌዳ

ጎንደር ከተማ ውስጥ በሆስፒታል ተኝተው ከሚታከሙት ሰዎች ብዙዎቹ የሚመጡት ከዙሪያው ወረዳዎች፣ ከደምቢያ፣ ከጭልጋ፣ ከወገራ፣ ከዳባትና ከበለሳ ነው። ተሽሏቸው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በእጃቸው የሚይዙት በፌስታል የተቋጠረ መድኃኒትና አንድ የመውጫ ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ሲሆን፣ የሕመሙን ስም፣ የተደረጉትን ምርመራዎች፣ የተሰጠውን ሕክምናና የታዘዙትን መድኃኒቶች በምህጻረ ቃል ይዘረዝራል። ለቀጣዩ ሐኪም ታስቦ የተዘጋጀ በመሆኑ አጻጻፉ በራሱ ነውር የለበትም፤ የጤና ጣቢያው ባለሙያ ታካሚዋን ሲረከብ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ወረቀት ነው። ችግሩ የሚመጣው ይኸው ወረቀት ታካሚዋ ቤቷ ገብታ ለምታደርገው ነገርም መመሪያ ሆኖ ሲቆጠርና ለእርሷ ሌላ የተጻፈ ነገር ሳይኖር ሲቀር ነው።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች መካከል ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ፣ ከወንዶች ደግሞ 69 በመቶ እንደሆኑ አሳይቷል። በዚያ ጥናት አንድ ሰው ማንበብ ይችላል ለመባል ከአንድ ቀላል ዓረፍተ ነገር ከፊሉን ማንበብ ይበቃው ነበር። ሦስት ዓይነት መድኃኒት በተለያየ ሰዓትና መጠን መውሰድ ግን ከዚያ የበለጠ ይጠይቃል፤ በዚያ ላይ በጥናቱ ያልተካተቱትና በልብና በደም ግፊት ሕመም በብዛት የሚተኙት በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ወረቀቱን ወደ አማርኛ መመለስ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ምን መጻፍ እንዳለበት፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚጻፍና ታካሚዋ እንደተረዳችው በምን እንደሚታወቅ አብሮ መታሰብ አለበት።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ልከተለው። ምሳሌው የአንዲት የተለየች ሰው ታሪክ ሳይሆን በየዕለቱ ከሚያጋጥመው የተውጣጣ ነው። ከቆላ ድባ ራቅ ካለ ቀበሌ የመጡ፣ ፊደል ያልቆጠሩ የ58 ዓመት እናት በልብ ድካም ምክንያት ተኝተው፣ የእግራቸው እብጠት ወርዶ፣ ትንፋሻቸው ተስተካክሎ ጥቅምት 6 ቀን ይወጣሉ እንበል። በመውጫው ወረቀት ላይ የታዘዙት ሦስት መድኃኒቶች ናቸው። ፉሮሰማይድ 40 ሚሊ ግራም «ቢ.አይ.ዲ.» ማለትም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ስፓይሮኖላክቶን 25 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ፣ ኢናላፕሪል 5 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ። ከዚህ ሌላ «ጨው ይቀንሱ»፣ «በሁለት ሳምንት ለክትትል ይመለሱ» የሚል አለበት። የመድኃኒት ክፍሉ በበኩሉ በየፖስታው ላይ «1×2» ወይም «1×1» ብሎ ይጽፋል። ለባለሙያ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ትእዛዝ የለም። ለእኒህ እናት ግን ቢያንስ አራት ቦታ ላይ ይሰበራል።

የመጀመሪያው ፉሮሰማይዱ ላይ ነው። «በቀን ሁለት ጊዜ» ሲባል ማንኛውም ሰው የሚረዳው ጠዋትና ማታ ብሎ ነው። ይህ መድኃኒት ግን በአፍ ከተወሰደ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሽንት ማብዛት ይጀምርና ለስድስት ሰዓት ያህል ይቀጥላል። ማታ ራት በልተው ከወሰዱት ሌሊቱን ሙሉ ሲነሡ ያድራሉ፤ መጸዳጃው ከቤት ውጭ በሆነበት፣ መብራት በሌለበት ግቢ ውስጥ በሽተኛ ሰው ሌሊት ሦስትና አራት ጊዜ መውጣት ማለት ደግሞ መውደቅ፣ ብርድና እንቅልፍ ማጣት ነው። ከሁለት ሌሊት በኋላ «ይህ ክኒን አልተስማማኝም» ብለው ያቆሙታል፤ ማንም ሰው በእርሳቸው ቦታ ቢሆን ያቆመው ነበር። ሁለተኛው መጠን መወሰድ ያለበት ከቀትር በኋላ ሲሆን፣ ይህን «ቢ.አይ.ዲ.» የሚለው ምህጻር አይናገርም።

ሁለተኛው ሰዓቱ ላይ ነው። አንዳንድ ጊዜ ለማስረዳት ተብሎ በወረቀቱ ላይ የሰዓት ቁጥር ይጻፋል፤ ባለሙያው ግን በሆስፒታሉ የነርስና የመድኃኒት መዝገብ ላይ የለመደው የፈረንጆችን አቆጣጠር ነው። ጠዋት 8 ብሎ የጻፈው በእኛ 2 ሰዓት ነው፤ ከቀትር በኋላ 2 ብሎ የጻፈው ደግሞ በእኛ 8 ሰዓት ነው። እንግዲህ የፉሮሰማይድ ሁለቱ ሰዓቶች «8 እና 2» ተብለው ቢጻፉ በሁለቱም አቆጣጠር ስሕተት የሌለባቸው ይመስላሉ፤ የትኛው የጠዋት፣ የትኛው የቀትር በኋላ እንደሆነ ግን አይለይም፤ አንዱ የማታ 2 ሰዓት ተደርጎ ከተነበበ ደግሞ ከላይ ወዳልነው ወደ ሌሊቱ ችግር ይመልሳል። ለታካሚ በሚሰጥ ወረቀት ላይ የሚጻፍ ሰዓት ሁሉ በሀገራችን አቆጣጠር መሆን አለበት፤ ከአጠገቡም «ጠዋት» ወይም «ከቀትር በኋላ» የሚል ቃል ሊለየው አይገባም።

ሦስተኛው ቀጠሮው ነው። ፉሮሰማይድ፣ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን አብረው ሲወሰዱ የደም ፖታሲየም ከልክ ሊያልፍና ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ስለዚህ ይህ ቀጠሮ ልብን ከማዳመጥ ያለፈ ሥራ አለው። ቀጠሮው ጥቅምት 20 ቢሆንና በፈረንጆች አቆጣጠር «30/10» ተብሎ ቢጻፍ፣ በቤት ውስጥ ወረቀቱን የሚያነብ ተማሪ ልጅ አሥረኛውን ወር ሰኔ ብሎ ነው የሚያነበው። እናቲቱም ስምንት ወር ሙሉ ያለ ምርመራ ሊቀመጡ ይችላሉ። በገጠር ቀን የሚታወሰው በበዓል ነው፤ «ከገብርኤል ማግስት» ሲባል ለኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤተሰብ ጥቅምት 20 የማይረሳ ቀን ይሆናል። እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያሻል። ቀጠሮውን በራሱ በበዓሉ ቀን ላይ አለማድረግ ይሻላል፣ ሰው በክብረ በዓል ቀን ከቤቱ አይርቅምና። ለሙስሊም ታካሚ ደግሞ የበዓሉን ምልክት በገበያ ቀን ወይም በጁምዓ መተካት ይገባል፤ ይህን ለማወቅ ከመጠየቅ ሌላ መንገድ የለም።

አራተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የከፋው፣ ኢናላፕሪሉ ነው። ትእዛዙ 5 ሚሊ ግራም ቢሆንም የመድኃኒት ክፍሉ በእጁ ያለው ባለ 10 ሚሊ ግራም ክኒን ከሆነ ለታካሚዋ ግማሽ ግማሽ ይደረግላቸዋል። «1×2» የሚለውን ምልክት በልማድ የጻፈ ባለሙያ እዚህ ላይ እጥፍ መጠን አዘዘ ማለት ነው። በትክክል «ግማሽ» ብሎ ቢነግራቸውም፣ ከወር በኋላ መድኃኒቱን ለመጨመር ወደ ሌላ ቦታ ሲሄዱ ባለ 5 ሚሊ ግራሙን ክኒን ሊያገኙ ይችላሉ። የለመዱት መግመስ ስለሆነ ያንኑ ይገምሱታል፤ የታዘዘላቸውን ግማሹን ብቻ ይወስዳሉ። ነገሩ ተገላቢጦሽ ከሆነ ደግሞ፣ ሙሉ ባለ 5 መውሰድ የለመደ ሰው ባለ 10 ሲሰጠው ከመቀመጫው ሲነሣ ራሱን ያዞረዋል፣ ይወድቃል። ይህ ስሕተት ታካሚው በሚያየው ነገር የሚለይ አይደለም፤ ክኒን ክኒን ነው፤ ኀይሉን የሚናገረው በማሸጊያው ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው።

መመሪያውን እንደ አዲስ ስንጽፍ የመጀመሪያው ውሳኔ የሚቀረውን መለየት ነው። የሕመሙ የእንግሊዝኛ ስም፣ የልብ አልትራሳውንድ ውጤት፣ ሚሊ ግራሙ፣ የሐኪሙ ምህጻር ሁሉ በወረቀቱ ጀርባ ለጤና ጣቢያው ይቆያል። ፊቱ ለቤቱ ነው። ፊቱ ላይ የሚቀመጡት አራት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ መቼ ምን እንደሚወሰድ፣ ምን እንደሚቀር፣ መቼ በፍጥነት ወደ ሕክምና እንደሚመጣ፣ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ። የሚያነበው ምናልባት አራተኛ ወይም አምስተኛ ክፍል የደረሰ የቤቱ ልጅ ስለሆነ፣ ፊደሉ ጎላ ብሎ፣ አንዱ መስመር አንድ ነገር ብቻ እየተናገረ፣ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ለሚያደምጥ ሰው እንዲገባ ሆኖ መጻፍ አለበት። ፊደል ያልቆጠሩ ብዙ ሰዎች በገንዘብና በስልክ ምክንያት ቁጥር ይለያሉ፤ ስለዚህ የሚደወልበት ስልክ ቁጥር በትልቁ ቢጻፍ ይጠቅማቸዋል።

ሁለተኛው ውሳኔ ቅደም ተከተሉ ነው። የሐኪም ትእዛዝ የሚደረደረው በመድኃኒቱ ነው፤ ስለ አንዱ ክኒን ሁሉ ተነግሮ ወደ ቀጣዩ ይታለፋል። ቤት ያለው ሰው ግን በአንድ ሰዓት ተቀምጦ «አሁን ምን ልውሰድ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ሰሌዳው በሰዓት መደርደር አለበት። የእኒህ እናት ሰሌዳ፣ ኢናላፕሪሉ ባለ 10 ሚሊ ግራም ሆኖ ቢሰጣቸው፣ እንዲህ ይሆናል፤ የጠዋቶቹ ክኒኖች ፉሮሰማይድ፣ ስፓይሮኖላክቶንና ኢናላፕሪል በቅደም ተከተል ሆነው በሥራቸው ተጠርተዋል፤ ሙሉው ክብ አንድ ክኒን፣ በከፊል የጠቆረው ክብ ግማሽ ክኒን ነው።

ጠዋት፣ ከብት ሲወጣ (2 ሰዓት ገደማ)
ውኃ እንዳይጠራቀም የሚያደርገው ክኒን፦ ●
ልብን የሚጠብቀው ክኒን፦ ●
የልብን ሸክም የሚያቀልለው ክኒን፦ ◐

ከቀትር በኋላ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ (8 ሰዓት ገደማ)
ውኃ እንዳይጠራቀም የሚያደርገው ክኒን፦ ●

ማታ፣ ራት ሲቀርብ
የልብን ሸክም የሚያቀልለው ክኒን፦ ◐

ከብቱ የሚወጣበትና ልጁ የሚመለስበት ጊዜ ከባለሙያው ምናብ የሚመጣ አይደለም። «በቤትዎ በየቀኑ ሳይቀር የሚሆን ነገር ምንድን ነው?» ተብሎ ተጠይቆ ከእርሳቸው አፍ የሚወሰድ ነው። አንዱ ቤት የጠዋት ቡና ሰዓቱን ይጠብቃል፣ በሌላው ቤት ቡናው በቀን ሦስት ጊዜ ይፈላል፤ በዚያኛው ቤት «ቡና ሲፈላ» ብሎ መጻፍ ሌላ ስሕተት መጋበዝ ነው።

ስለ መድኃኒቱ ጥቅም የተጻፈው አጭር ሐረግም በጥንቃቄ የተመረጠ ነው። ፉሮሰማይድን «የእብጠት ክኒን» ብንለው በቀላሉ ይገባል፤ ነገር ግን እብጠቱ የወረደላት ሴት የእብጠት ክኒን ለምን ትወስዳለች? እብጠቱ ሲጠፋ መድኃኒቱን ማቆሟ ከተነገራት ነገር የተነሣ ትክክለኛ ድምዳሜ ነው። ከሳምንታት በኋላ አብጠው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ተመልሰው ከሚተኙት መካከል እንዲህ በቅን ልቡና ያቆሙ ይገኙበታል። ስለዚህ ሐረጉ ውኃው እንዳይመለስ መከላከሉን መናገር አለበት፤ ከሥሩም «ደህና ቢሆኑም አያቋርጡ፤ ሲያልቅ ይምጡ» የሚል አንድ መስመር ይጨመራል።

ክኒኖቹን ለይቶ ማወቅ ሌላው ጉዳይ ነው። ቀለምና ቅርጽ መግለጽ አስተማማኝ አይደለም፤ አምራቹ ሲለወጥ መልኩም ይለወጣል። ጥሩ ሆኖ የሚሠራው ከየመድኃኒቱ አንድ ክኒን፣ ለኢናላፕሪሉ ደግሞ ግማሹን፣ በየመስመሩ ላይ በግልጽ ፕላስተር መለጠፍ ነው። የተለጠፈው ምልክት እንጂ የሚዋጥ እንዳልሆነ መንገር፣ ወረቀቱም ሕፃን በማይደርስበት ቦታ መሰቀሉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሥዕልን በተመለከተ ግን ጠንቃቃ መሆን ይገባል። በደቡብ አፍሪካ በሮስ ዳውስና በባልደረቦቿ የተደረጉ ጥናቶች በአሜሪካ የተዘጋጁ የመድኃኒት ምልክቶች ትምህርት ባላገኙ ሰዎች ዘንድ በደንብ እንደማይገቡና ከአካባቢው ሰዎች ጋር ተመክሮባቸው የተሠሩት እንደሚሻሉ አሳይተዋል። ለምሳሌ ግማሽ ፀሐይ ከተራራ በላይ ቢሣል መውጣቷ ይሁን መግባቷ አይታወቅም። ለጠዋት ዶሮ፣ ለማታ የበራ ኩራዝ ወይም የራት መሶብ ቢሣል ይቀርባል፤ ይህም ቢሆን ለሦስት አራት ታካሚዎች ታይቶ «ይህ ምን ይመስልዎታል?» ሳይባል መታተም የለበትም።

አሁን «ከምግብ በኋላ» ወደሚለው የተለመደ ቃል እንምጣ። ከሦስቱ መድኃኒቶች መካከል ፉሮሰማይድና ኢናላፕሪል የግድ ከምግብ ጋር መወሰድ የለባቸውም፤ ስፓይሮኖላክቶን ከምግብ ጋር ቢሆን ጥሩ ቢሆንም፣ ዋናው ነገር በየቀኑ በተመሳሳይ ሁኔታ መወሰዱ ነው። ሳያስፈልግ «ከምግብ በኋላ» ብለን ከጻፍን፣ ረቡዕና ዓርብን እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙት እናት የጠዋቱን ሁሉ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይገፉታል፣ የ8 ሰዓቱን ወደ ማታ ያሸጋግሩታል፤ ጾሙ በረዘመ ጊዜ ደግሞ ሰሌዳው ለሳምንታት ይፈርሳል። ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን ከጾም ግዴታ የምታሳርፍ ብትሆንም፣ ብዙ እናቶች ይህን የሚቀበሉት ከነርስ ሳይሆን ከንስሐ አባታቸው ነው፤ ስለዚህ «ጠዋት ክኒን በውኃ መዋጥ እንደሚገባዎት ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ» ማለት ከመከራከር ይሻላል። ጠበሉም እንዲሁ ነው። ጠበል መጠጣትን መከልከል ታካሚዋ እውነቱን እንዳትናገር ከማድረግ በቀር ፋይዳ የለውም። ሐኪሙ የቀኑን ፈሳሽ በአንድ ሊትር ተኩል ከወሰነ፣ አንድ ተኩል የሊትር ሃይላንድ ተብሎ ይነገር፤ ጠበሉ፣ ጠላው፣ ቡናውና ውኃው ሁሉ ከዚያው እንደሚቆጠር፣ ክኒኑም ጠበል በሚጠመቁበት ጊዜ እንደማይቋረጥ በአንድ መስመር ይጻፍ።

ጨውን በሚመለከት «ጨው ይቀንሱ» የሚለው ትእዛዝ ለማንም አይጠቅምም፤ የሚቀነሰው ከምን ላይ እንደሆነ አይናገርምና። በእኛ ቤት ጨው በወጡ ላይ ከመጨመሩ በፊት በበርበሬውና በሽሮው ውስጥ ቀድሞ ሊገባ ይችላል። በገበታ ላይ ምንም ጨው ያልነሰነሱ እናት ትእዛዙን እንደፈጸሙ በቅንነት ያምናሉ። ሊፈጸም የሚችለው መመሪያ ለወጥ ሠሪዋ የሚነገረው ነው፦ «የእርሳቸው ወጥ ጨው ከመጨመሩ በፊት ተቀድቶ ይውጣ፤ ለቤቱ በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ያለ ጨው ይዘጋጅ፤ ሌላው ሰው በገበታው ላይ ይጨምር።» ይህ ለአንድ ሰው የተለየ ድስት ከመጣድ ይቀልላል።

ምን እንደሚቀር በሚናገረው ክፍል ውስጥ ከጨው ሌላ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ቤት ውስጥ የቀረው የድሮ ክኒን ነው፤ ቀደም ሲል ለደም ግፊት የተሰጣቸው ካለ ይቀጥላል ወይም ይቆማል ተብሎ በግልጽ ሊወሰን ይገባል፤ ዝም ከተባለ ከአዲሱ ጋር ደርበው ይወስዱታል። ሁለተኛው እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ፣ ለጉልበትና ለወገብ ሕመም ያለ ማዘዣ የሚገዙ ክኒኖች ናቸው። እነዚህ ውኃና ጨው በሰውነት ውስጥ እንዲቀር ያደርጋሉ፤ ከኢናላፕሪልና ከፉሮሰማይድ ጋር ተደርበው ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳሉ። በመመሪያው ላይ «ለቁርጥማት ክኒን ሳይጠይቁ አይግዙ» ማለት ይበቃል።

የአደጋ ምልክቶቹን ዝርዝር ማስረዘም ፈታኝ ነው፤ ሁሉም የሚያስፈልግ ይመስላል። በእኔ አስተያየት ከአራት ዓይነት መብለጥ የለበትም። ቤት ውስጥ ሚዛን ስለሌለ በየቀኑ ክብደት ይመዘኑ ማለት አይሠራም፤ በምትኩ በየጠዋቱ የእግራቸውን አጥንት በአውራ ጣት ተጭነው ሲለቁት ጎድጎድ ብሎ ከቀረ፣ ወይም መቀነታቸው በሁለት ቀን ውስጥ ከጠበበ፣ ወይም ለመተኛት ከወትሮው ከፍ ያለ ትራስ ካስፈለጋቸው ውኃው እየተመለሰ ነውና በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛቸው በዚያው ቀን ይሂዱ፤ እነዚህን መድኃኒቶች እየወሰዱ ፈሳሽ ማጣት ኩላሊትን ሊያደክም ይችላልና። ሲነሡ ዓይናቸውን ካጨለማቸውም እንዲሁ። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን ኢናላፕሪሉን ከዚያ ወዲያ ሳይወስዱ ወዲያውኑ ይሂዱ፤ እምብዛም የማያጋጥም ቢሆንም ጊዜ አይሰጥም።

ይህ ሁሉ ተጽፎ እንኳ ሥራው አላለቀም። «ገባዎት?» ብሎ ለሚጠይቅ ባለሙያ የሚመጣው መልስ «ኧረ ገብቶኛል ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ነው፤ ይህም የአክብሮት መልስ እንጂ የመረዳት ማረጋገጫ አይደለም። በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ የታተመ የቴሪ ዴቪስና የባልደረቦቿ ጥናት ይህን በጥሩ ሁኔታ አሳይቷል። ማንበብ ከሚቸግራቸው ታካሚዎች መካከል «ሁለት ክኒን በቀን ሁለት ጊዜ» የሚለውን ትእዛዝ በቃል በትክክል የደገሙት 71 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ በቀን የሚወሰደውን ክኒን ቆጥረው ማሳየት የቻሉት ግን 35 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በቃል የደገመ ሰው በእጁ ሲያሳይ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ መፈተሻው ክኒኑ ራሱ መሆን አለበት።

ነርሷ ሦስቱንም ክኒኖች በንጹሕ ወረቀት ላይ ታስቀምጥና «እናቴ፣ እኔ በደንብ ማስረዳቴን ልወቅ፤ ማታ ራት ሲቀርብ የሚወስዱትን ከዚህ ውስጥ ያንሡልኝ» ትላለች። እናቲቱ አንድ ሙሉ ኢናላፕሪል ቢያነሡ፣ «አይደለም» ከማለት ይልቅ ወደ ሰሌዳው መልሳ «ይህን ክብ እንየው፤ ሙሉ ነው ወይስ ግማሽ?» ብትል ስሕተቱን ራሳቸው ያገኙታል። ከዚያ ወደ 8 ሰዓቱ፣ ከዚያ ወደ ጠዋቱ ይኬዳል፤ የተሳሳቱበት እንደገና ይጠየቃል። የሦስቱንም ሰዓት ክኒኖች ማንም ሳያግዛቸው በትክክል እስኪያነሡ ድረስ መመሪያው ተሰጥቷል ማለት አይቻልም።

ፈተናውን የሚያልፈው ሰው ማንነትም ሊታሰብበት ይገባል። አልጋው አጠገብ የሰነበተው አስታማሚ ከተማ የሚኖር ወንድም ወይም ሥራውን ጥሎ የመጣ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ቤት ገብተው ክኒኑን የምታቀርብላቸው ግን ምራታቸው ትሆናለች። «ቤት ክኒኑን የሚያስታውስዎ ማነው?» የሚለው ጥያቄ ሲመለስ፣ ሰውየዋ በቦታው ከሌለች በስልክ ተደውሎ ሰሌዳው ሲነበብላት፣ ወጥ ሠሪዋም እርሷ ስለሆነች የጨውም ነገር አብሮ ይነገራታል።

ባለሙያዎች ለዚህ የሚያነሡት መከራከሪያ ጊዜ የለም የሚል ነው፤ እውነትም ነው። የመውጫው ትእዛዝ የሚጻፈው ከጠዋቱ ዙር በኋላ ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲሆን፣ ሒሳብ መዝጋት፣ መድኃኒት ማውጣትና ወደ ቆላ ድባ የሚሄደው መኪና ሳያመልጥ መናኸሪያ መድረስ በዚያው ሰዓት ይደራረባሉ። በዚያ ሰዓት የሚነገረውን ማንም አይሰማም። ነገር ግን ሰሌዳው በመውጫው ቀን መጀመር የለበትም። መድኃኒቱ በአፍ መወሰድ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ሐኪሙ መጠኑን ሲወስን ሰሌዳው ይጻፋል፣ ፋርማሲስቱ ክኒኑን ይለጥፍበታል፣ ታካሚዋም በመጨረሻዎቹ አንድና ሁለት ቀናት ነርሷ እያየቻቸው ከሰሌዳው ላይ ራሳቸው እያነሡ ይወስዳሉ። ሲወጡ የሚቀረው ያንን ልማድ ይዞ መሄድ ነው። የኢናላፕሪሉም ግማሽ በቤት በምላጭ እንዲቆረጥ መተው የለበትም፤ ለሁለት ሳምንት የሚበቃው 14 ክኒን በመድኃኒት ክፍሉ ተቆርጦ 28 ግማሽ ሆኖ ቢሰጥ ከስሕተቱ ብዙውን ያስቀራል።

ከዚህ በኋላ ሰሌዳው መሥራቱን ማወቅ የሚቻለው በመቁጠር ነው። ከጥቅምት 7 ጠዋት ጀምሮ እስከ ጥቅምት 20 ድረስ 14 ቀን ነው፤ የተሰጡት ፉሮሰማይድ 28፣ ስፓይሮኖላክቶን 14፣ የኢናላፕሪል ግማሽ 28 ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጥቅምት 14 ቀን ጠዋት መድኃኒቱ ሳይወሰድ ቤታቸው ብትደርስ 14፣ 7 እና 14 ማግኘት አለባት። ፉሮሰማይዱ 21 ከሆነ የቀትር በኋላው እየቀረ ነው፤ ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል፣ ምናልባት በ8 ሰዓት ገበያ ላይ ወይም ልቅሶ ቤት ሆነው ሽንት እንዳያስቸግራቸው ፈርተው ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ሰዓቱን ለዚያ ቀን በማሸጋሸግ የሚፈታ ነው። የኢናላፕሪሉ ግማሽ አልቆ ከሆነ ሁለት ሁለት እየወሰዱ ነው ማለት ነውና የደም ግፊታቸው በዚያው ቀን መለካት አለበት። እንዲህ ያለው ቆጠራ ማንበብም ሆነ ረጅም ቃለ መጠይቅ አይፈልግም።

ሰሌዳው የማይችለው ነገርም አለ። መድኃኒቱ በጤና ጣቢያው ሲጠፋና ከግል መድኃኒት ቤት ለመግዛት ገንዘብ ሲታጣ፣ የቱንም ያህል ግልጽ ሆኖ ቢጻፍ አይተካውም። ከዚያ በላይ ደግሞ ራሱ ጉዳት የሚያመጣበት ጊዜ አለ፤ ይህም መጠኑ ተለውጦ አሮጌው ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ሲቀር ነው። ጥቅምት 20 ቀን የደም ምርመራው ታይቶ ፉሮሰማይዱ ወደ ጠዋት ብቻ ቢቀነስ፣ ወይም ቤታ ብሎከር የሚባለው ሌላ የልብ መድኃኒት ቢጨመር፣ እናቲቱና ምራታቸው ያመኑት አሮጌው ወረቀት አዲሱን ቃል ይረታዋል። ስለዚህ ታካሚዎች ወደ ቀጠሮ ሲመጡ ሰሌዳውን ከነክኒኑ ይዘው እንዲመጡ መነገር አለባቸው፤ በተመላላሽ ክፍሉም ሆነ በጤና ጣቢያው መጠን የለወጠ ወይም ሌላ ኀይል ያለው ክኒን የሰጠ ባለሙያ አሮጌውን ሰሌዳ ተቀብሎ ያስቀራል፣ በአዲስ ቀን አዲስ ሰሌዳ ይጽፋል፣ አዲሱን ክኒን ይለጥፋል፣ በጀርባውም ሚሊ ግራሙን ያርማል፣ ከዚያም ክኒኖቹን በወረቀት ላይ አስቀምጦ እንደገና ያስነሣቸዋል።